ሱቁ ከተዘጋ ቆይቷል፣ የግብር ፋይሉ ግን ክፍት ነው

ምልክቱ፦ ክሊራንስ ለመውሰድ ገቢዎች ሄደው፣ ሱቅዎ ተዘግቶ በቆየባቸው ዓመታት ግብር ይጠየቃሉ።

ምክንያቱ፦ ቁልፍ ማስረከብ ፋይል መዝጋት አይደለም። በቲን ቁጥርዎ ስር ያለው ንግድ እስካልተሰረዘ ድረስ መዝገቡ ነጋዴ ነዎት ይላል። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ንግድ ያቆመ ሰው በ30 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዛል። ብዙ ሰው ግን የሚያስታውሰው ሌላ ፈቃድ ሲፈልግ ነው።

ደብረ ሲና ሸቀጣ ሸቀጥ የነበራቸው አንዲት እናት ታኅሣሥ 2015 መጨረሻ ላይ ሱቃቸውን ዘጉ። መስከረም 2017 እንጀራ ቤት ሊከፍቱ ሲሉ የ2015 እና የ2016 ግብር፣ በቁርጥ በዓመት 2,400፣ በድምሩ 4,800 ብር ተጠየቁ። «ልጄ፣ በሬ ተዘግቶ ምን ሸጥኩ ይሉኛል?» አሉኝ።

መፍትሄው፦ የተዘጋበትን ቀን በወረቀት ማሳየት። የቀበሌ ደብዳቤ ይረዳል፤ ግን በእማኝ ቃል ብቻ ስለሚጻፍ ብዙ አይታመንም። የእኚህን እናት ጉዳይ የፈታው ሌላ ነገር ነው። ያንኑ ክፍል የካቲት 2015 ሌላ ሰው ተከራይቶ በዚያው አድራሻ ንግድ ፈቃድ አውጥቶ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሱቅ አይሠራም። የፈቃዱን ኮፒና ከአከራዩ ጋር የተፈራረሙትን የውል ማቋረጫ አያይዘን አመለከትን። የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ከ2015 የሠሩት ስድስት ወር ብቻ ነው፤ 1,200 ብር ሆነ። 2016 ተነሣ። ሳያሳውቁ የቆዩበት ቅጣት ግን አልቀረላቸውም።

የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ በእጅዎ ከደረሰ ግን በቃል መከራከሩን ይተዉት። ቅሬታ በጽሑፍ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ ወረቀቱን የተቀበሉበትን ቀን እዚያው ላይ ይጻፉበት።

ምልክቱ፦ ክሊራንሱን ይዘው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ ይመልሱዎታል።

ምክንያቱ፦ ደብዳቤው «ለንግድ ፈቃድ እድሳት» ይላል። እርስዎ የፈለጉት ስረዛ ነው።

መፍትሄው፦ ማመልከቻዎ ላይ «ለንግድ ፈቃድ ስረዛ» ብለው በግልጽ ይጻፉ፤ ደብዳቤውን ሲቀበሉም ከመስኮቱ ሳይርቁ ያንብቡት። ፈቃዱ ሲሰረዝ የስረዛውን ደብዳቤ ኮፒ ወደ ገቢዎች መልሰው ፋይልዎ ውስጥ ያስገቡ። ብዙ ሰው ክሊራንስ ካገኘ በኋላ ይህችን አንድ ጉዞ ይተዋታል፤ በዓመቱ እንደገና ግብር ሲመጣበት ነው የሚደነግጠው። ቲን ቁጥሩ ራሱ አይጠፋም፣ ያው የእርስዎ ነው፤ እኚህ እናትም እንጀራ ቤቱን የከፈቱት በዚያው ቁጥር ነው።

ቫት ተመዝጋቢ ከሆኑ ደግሞ ምዝገባው እስኪሰረዝ ድረስ፣ ሽያጭ ባይኖርም እንኳ በየወሩ ባዶ ማሳወቂያ ያስገቡ። የሽያጭ ማሽኑንም ሳያስነቅሉ ለሌላ ሰው እንዳይሸጡት።