ያለ ራዳር የሾፌርን ፍጥነት መያዝ፦ የአማካይ ዋጋ ቲዎረም እንዴት እንደሚረጋገጥ

አንድ ሾፌር ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ወረደ እንበል። መግቢያው ላይ ካርድ የወሰደው ከጠዋቱ 2:00 ሰዓት ነው። 78 ኪሎ ሜትር ሄዶ መውጫው ላይ የደረሰው 2:36 ላይ። የፍጥነት ገደቡ ደግሞ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ይሁን። (ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ነው የመረጥኳቸው።)

መውጫው ላይ ትራፊኩ ያስቆመዋል። «ከ120 በላይ ነድተሃል።»

«ኧረ ሳጅን! የትኛው ራዳር ነው ያየኝ?»

«ራዳር አላስፈለገኝም።»

ሳጅኑ እውነቱን ነው። ጣሊያን ውስጥ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ቱቶር» የሚባለው የአውራ ጎዳና ቁጥጥር የሚሠራው እንደዚሁ ነው። ሁለት ቦታ የተተከሉ ካሜራዎች ታርጋውንና ሰዓቱን ይይዛሉ፤ ከዚያ ርቀቱ ለጊዜው ይካፈላል። ሾፌሩ መሐል ላይ ምን እንዳደረገ ማንም አላየም። ታዲያ ማንም ያላየውን እንዴት እርግጠኛ መሆን ይቻላል? እስኪ ደረጃ በደረጃ እንየው።

መጀመሪያ አማካዩን አውጡ። 36 ደቂቃ 0.6 ሰዓት ነው። 78 ለ0.6 ሲካፈል 130 ይመጣል። ስለዚህ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ነው። ቲዎረሙ የሚለው ይህንን ነው፦ መኪናው መንገድ ላይ ሳለ ቢያንስ በአንድ ቅጽበት የፍጥነት መለኪያው ልክ 130ን አሳይቷል። «ወደ 130 ገደማ» አይደለም፤ ልክ 130። መቼ እንደሆነ ግን ቲዎረሙ አይናገርም።

ሾፌሩ መሐል ላይ ወርዶ ቡና ቢጠጣስ? ባሰበት እንጂ አልቀለለለትም። የቆመበት ደቂቃም ከ36ቱ ውስጥ ስለሚቆጠር፣ የቀረውን መንገድ ከ130 በላይ እየነዳ ማካካስ ነበረበት።

ቀጥሎ አንድ የሐሳብ መኪና አስነሱ። የማረጋገጫው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሾፌሩ ጋር እኩል 2:00 ላይ የሚነሳ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ በ130 የሚሄድ ሌላ መኪና በአእምሯችሁ ሳሉ። ይህኛውም መውጫው ላይ የሚደርሰው 2:36 ላይ ነው። ሁለቱ እኩል ተነስተው እኩል ደረሱ ማለት ነው።

አሁን ዓይናችሁን ከመኪናዎቹ አንስታችሁ በመሐላቸው ያለውን ልዩነት ብቻ ተመልከቱ። ሾፌሩ በt ሰዓት ውስጥ የሄደውን ርቀት s(t) ካልነው፣ ልዩነቱ ይህ ነው፦

```
g(t) = s(t) - 130t
g(0) = 0
g(0.6) = 78 - 78 = 0
```

ልዩነቱ ከዜሮ ተነስቶ ዜሮ ላይ አለቀ። መሐል ላይ ሾፌሩ ሊቀድም ወይም ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል።

ልዩነቱ በጣም የሰፋበትን ቅጽበት ያዙ። ሾፌሩ የሐሳብ መኪናውን ቀድሞ ነበር እንበል። በጣም ርቆ በቀደመበት ቅጽበት ፍጥነቱ ስንት ነበር? ከ130 በላይ ከነበረ፣ በሚቀጥለው ቅጽበት ከዚያም በላይ ይርቅ ነበር፤ እኛ ግን «በጣም የራቀበት» ብለናል። ከ130 በታች ከነበረም፣ ከዚያ ቅጽበት ጥቂት ቀደም ብሎ የበለጠ ርቆ ነበር ማለት ይሆናል። እሱም አያስኬድም። የቀረው አንድ ነው፦ ልክ 130። ሾፌሩ ወደ ኋላ የቀረ ከሆነም ነገሩ ያው ነው፤ በጣም ወደ ኋላ የቀረበትን ቅጽበት መያዝ ብቻ ነው። ልዩነቱ ከዜሮ ንቅንቅ ካላለ ደግሞ መንገዱን ሙሉ በ130 ሄዷል።

በግራፍ ስታዩት፣ የg መስመር ጫፉ ላይ ሲደርስ ስሎፑ ዜሮ ነው። ከአንድ ከፍታ ተነስቶ ወደዚያው ከፍታ የሚመለስ ለስላሳ መስመር የሆነ ቦታ ላይ ጠፍጣፋ መሆኑ የሮል ቲዎረም ይባላል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሮል በ1691 እ.ኤ.አ. ለፖሊኖሚያሎች አሳይቶታል። የሚገርመው ሰውየው የካልኩለስ ተቃዋሚ ነበር፤ ዛሬ ስሙ የሚነሳው በካልኩለስ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

አሁን ከመኪናው ውጡና ለማንኛውም ፈንክሽን ጻፉት። ከa እስከ b ያለውን አማካይ ስሎፕ m፣ የg መስመር ጠፍጣፋ የሚሆንበትን ቦታ ደግሞ c በሉት፦

```
m = (f(b) - f(a)) / (b - a)
g(x) = f(x) - f(a) - m(x - a)
g(a) = 0,  g(b) = 0
g'(c) = 0  =>  f'(c) = m
```

ማረጋገጫው ይኸው ነው፤ አለቀ። m(x - a) የሐሳብ መኪናው ነው። ፈተና ላይ የg ቀመር ቢጠፋባችሁ «እኩል ተነስቶ እኩል የሚደርሰውን ቀንስ» ብላችሁ መልሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ለመሸምደድ ጊዜ ማባከን አያስፈልግም።

በቁጥር ፈትሹት። የሾፌራችን ርቀት s(t) = 100t + 50t² ይሁን። 0.6 ስናስገባ 60 + 18 = 78 ይመጣል፤ ልክ ነው። ፍጥነቱ ደሪቫቲቩ ነው፦ 100 + 100t። በ100 ጀምሮ መውጫው ጋ 160 ደርሷል። 130 የሚሆነው መቼ ነው? 100 + 100t = 130 ሲሆን፣ ማለትም t = 0.3 ላይ፤ በሰዓታችን 2:18። በዚያ ቅጽበት ልዩነቱ፦

```
g(0.3) = 50(0.09) - 30(0.3) = -4.5
```

ሾፌሩ ከሐሳብ መኪናው 4.5 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ከ2:18 በኋላ ነው ማሳደድ የጀመረው።

2:18 ልክ መሐሉ ላይ መዋሉ እንዳያታልላችሁ። እንዲህ የሚሆነው ቀመሩ ኳድራቲክ ስለሆነ ነው። f(x) = x³ን ከ0 እስከ 3 ብትወስዱ አማካዩ 9 ነው፤ 3c² = 9 ሲሆን c ወደ 1.73 ነው እንጂ 1.5 አይደለም። ሁልጊዜ መሐሉን የሚጽፍ ተማሪ አንድ ቀን ይወድቅበታል።

መቼ ነው የማይሠራው? መስመሩ ሹል ጫፍ ካለው። |x|ን ከ-1 እስከ 1 ውሰዱ። አማካይ ስሎፑ ዜሮ ነው፤ ስሎፑ ግን ወይ -1 ወይ 1 ነው፣ ሹሉ ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ፈንክሽኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተቋረጠ፣ በመሐሉ ደግሞ በየነጥቡ ደሪቫቲቭ ያለው መሆን አለበት። እውነተኛ መኪና ከአንድ ቦታ ጠፍቶ ሌላ ቦታ ብቅ አይልም፣ ፍጥነቱም በቅጽበት አይዘልም፤ ሳጅኑ በዚህ በኩል ስጋት የለበትም።

ሌላው ስህተት ረቀቅ ያለ ነው። አንድ ሰው ቀለበት መንገድን ሳይቆም ዞሮ የተነሳበት ቦታ ተመለሰ እንበል። «ከተነሳበት ስላልራቀ አማካዩ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ የሆነ ቦታ ቆሟል» ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ግን አልቆመም። ቲዎረሙ የሚሠራው ለአንድ ቁጥር ነው፣ ለምሳሌ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ለሚያሳየው። ካርታ ላይ ያለ ቦታ ግን ሁለት ቁጥር ነው፦ ወደ ሰሜን ስንት፣ ወደ ምሥራቅ ስንት። ለየብቻቸው ብታዩአቸው የሰሜኑ ፍጥነት ዜሮ የሆነበት ቅጽበት አለ፤ የምሥራቁም አለው። ሁለቱ በአንድ ላይ ዜሮ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ነገር ግን የለም።