ቤት አስይዘው ሲበደሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባንክ ብድር ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት አንዲት እናት አልረሳም። ቤታቸው ከአያት አልፎ፣ ለሚ ኩራ ጫፍ ላይ ነው። እንጀራ መጋገሪያ ለማስፋፋት 3.5 ሚሊዮን ብር ፈለጉ። «ልጄ፣ ደላላው ዘጠኝ ሚሊዮን ያወጣል ብሎኛል፤ ግማሹን እንኳ አልጠየቅኩም» አሉኝ።

በደላላ ዋጋ ማስላት

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ደላላው የሚነግርዎት ዋጋ ቦታውንም ይጨምራል። መሬት ግን የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ ባንኩ የሚልከው መሐንዲስ በዋናነት የሚገምተው ግንባታውን ነው። የቤቱን ስፋት ይለካል፣ በግንባታው ደረጃ መሠረት ለካሬው ዋጋ ይሰጣል፣ ከዚያ ለእርጅናው ይቀንሳል። አካባቢው ግምቱን ከፍ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ወደ ደላላው ዋጋ ግን አያደርሰውም።

የእኚህን እናት ቤት እንየው። 140 ካሬ፣ ካሬው በ32,000 ብር ተሰላ፤ 4.48 ሚሊዮን መጣ። ለእርጅና አሥር በመቶ ሲቀነስ ወደ 4 ሚሊዮን ወረደ። ግቢው ውስጥ ያሉት ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ግን አልተቆጠሩም፤ ያለ ግንባታ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው። ዳር ዳር ባሉ ሰፈሮች ይሄ በጣም የተለመደ ነው።

ግምቱን ብድር ማድረግ

4 ሚሊዮን ተገመተ ማለት 4 ሚሊዮን ይሰጣል ማለት አይደለም። ባንኩ ከግምቱ የተወሰነ በመቶ ብቻ ያበድራል። ምጣኔው እንደ ባንኩ፣ እንደ ብድሩ ዓይነትና እንደ ንብረቱ ይለያያል፤ ቤትዎን ከማስገመትዎ በፊት ይጠይቁ። በእሳቸው ጉዳይ 70 በመቶ ነበር። ስለዚህ ጣሪያው 2.8 ሚሊዮን ሆነ፤ 700 ሺህ ጎደለ።

«ወንድሜ 700 ሺህ የሚያወጣ ቤት አለው፣ እሱን እንጨምር» አሉ። አይበቃም። ምጣኔው ለወንድማቸው ቤትም ይሠራል። 700 ሺህ ለመሙላት 1 ሚሊዮን የሚገመት ንብረት ያስፈልጋል።

ጣሪያው ቢደርስም ገቢው ካልቻለ ብድሩ አይፈቀድም። 2.8 ሚሊዮን ብር በ16 በመቶ ወለድ ለአምስት ዓመት ቢወሰድ፣ የወሩ ክፍያ ወደ 68 ሺህ ብር ነው። የእንጀራው ሽያጭ ይህን ከፍሎ ለጤፍና ለመብራት ይተርፈዋል ወይ? እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ከካርታው በፊት የምጠይቀው ይህን ነበር።

ዋስና ንብረት አስያዥን አንድ አድርጎ ማየት

ወንድምየው ቤቱን ብቻ ካስያዘ፣ ሊያጣ የሚችለው ያንን ቤት ነው። በስሙ ዋስ ከሆነ ግን ደመወዙም፣ መኪናውም፣ ሌላ ያለው ሀብትም በዋስትናው ልክ ሊጠየቅ ይችላል። አንዳንዱ ውል ሁለቱንም በአንድ ፊርማ ያስፈርማል። «ፎርማሊቲ ነው» ስለተባለ ብቻ እንዳይፈርሙ።

በውሉ ላይ ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛው የገንዘቡ ጣሪያ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋስትናው እስከ ስንት ብር እንደሆነ መጻፍ አለበት ይላል፤ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ሁለተኛው «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ነው። እሱ ካለ ባንኩ መጀመሪያ ተበዳሪውን መጠየቅ ወይም የተያዘውን ቤት መሸጥ ሳይጠበቅበት ቀጥታ ወደ ዋሱ መሄድ ይችላል። ብዙ ዋስ «እኔ የምጠየቀው እህቴ ካቃታት ነው» ብሎ የሚያስበው ይህን ሳያነብ ነው።

የካርታውን ስም አለማጣራት

ቤቱ የጋራ ከሆነ ባልም ሚስትም መፈረም አለባቸው፤ የቤተሰብ ሕጉ ይህን ግዴታ ያደርጋል። ካርታው በሟች አባት ስም ከሆነ መጀመሪያ ውርሱ ይጣራና ስሙ ይዛወራል። ውጭ አገር ያለ ልጅ የላከው ውክልና ደግሞ «ለማስያዝ» የሚል ቃል በግልጽ ሊኖረው ይገባል፤ «ለማስተዳደር» ብቻ የሚል ውክልና ይመለሳል። ከገበሬ በመንደር ውል የተገዛ ካርታ የሌለው ቦታማ ለባንክ መያዣ አይሆንም።

ሐራጁን ሩቅ አድርጎ ማሰብ

በ1990 የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ያስያዙትን ቤት በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ከዚያ በፊት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ሽያጩ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው በተበዳሪው ላይ ይቆያል፤ ዋሱም በፈረመው ልክ ይጠየቃል። ክፍያው መንገዳገድ ሲጀምር፣ ማስጠንቀቂያው ሳይመጣ፣ ቅርንጫፉ ሄደው የክፍያ ጊዜው እንዲራዘም ይጠይቁ።

እኚያ እናት በመጨረሻ 2.2 ሚሊዮን ወሰዱ። የወንድማቸው ቤት አልተነካም። ሁለተኛውን ምጣድ ግን በሚቀጥለው ዓመት ነው የገዙት።