ኪክ፣ ቤዝና ሲንዝ እንዳይጋጩ ቅንብሩን ከመነሻው እንዴት ማቀድ ይቻላል

ኪክ፣ ቤዝና ወፍራም ሲንዝ ክብደታቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው ከ40 እስከ 120 ኸርዝ ካለው ጠባብ ቦታ ነው። ሦስቱም አንድ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ግጭቱን ሚክስ ላይ በኢኪው መፍታት ይከብዳል፤ ከቤዙ 50 ኸርዝ አካባቢ ሲቀነስ ግጭቱ ብቻ ሳይሆን ኖታው ራሱ ይሳሳል። ስለዚህ ቦታው የሚከፈለው ገና ቀረጻ ሳይጀመር ነው።

ሐዋሳ ውስጥ ለሠርግ ድንኳንም ለባጃጅ ስፒከርም የሚሆን ፈጣን ችክችካ እየተዘጋጀ ነው እንበል። ቅኝቱ ትዝታ ሜጀር፣ መነሻው ጂ ነው።

1. የቤዙን ኖታዎች በኸርዝ መጻፍ

ቤዙ የሚረግጣቸው ኖታዎች ጂ 49፣ ኤ 55፣ ቢ 62፣ ዲ 73 እና ኢ 82 ኸርዝ ናቸው። የኖታ ስም ብቻ አይበቃም፤ የኦክታቭ አቆጣጠር ከሶፍትዌር ሶፍትዌር በአንድ ስለሚለያይ ኸርዙን መያዝ ይሻላል።

2. ከታች የሚቀመጠውን መምረጥ

ውሳኔው ከዜማው ፍጥነት ይነሳል። ችክችካው በደቂቃ 120 ትላልቅ ምት ካለውና እያንዳንዱ ምት በሦስት ከተከፈለ፣ በሁለት ትናንሽ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ 167 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ጅራቱ 300 ሚሊሰከንድ የሚቆይ ኪክ ተከታዩን የቤዝ ኖታ ይሸፍነዋል። ስለዚህ እዚህ የታችኛው ወለል ለቤዙ ይሰጥ፤ ኪኩ አጭር ይሁን፣ በ150 ሚሊሰከንድ ውስጥ ያልቅ፣ ክብደቱም ከ90 እስከ 100 ኸርዝ አካባቢ ይረፍ። የጂ ሁለተኛ ሃርሞኒክ 98 ኸርዝ ላይ ስለሚወድቅ፣ ከቤዙ እዚያው አካባቢ 2 ወይም 3 ዴሲቤል መቀነስ ይጠቅማል። ያንን ያህል ቅነሳ ኖታውን አይጎዳውም።

ቀስ ባለ ዘፈን ላይ ግን ረጅም ኪክ ከተፈለገ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኪኩ ታች ይገባል፣ ቤዙ ከ73 ኸርዝ ወደ ላይ ይጫወታል።

3. ኪኩን በጆሮና በስፔክትረም አናላይዘር መምረጥ

የኤሌክትሮኒክ ኪክ ከፍ ብሎ ጀምሮ ስለሚወርድ መታየት ያለበት ጅራቱ ነው። ጅራቱ 55 ኸርዝ ላይ ከሆነ ቤዙ ኤ ኖታን በረገጠ ቁጥር ያብጣል፣ ሌሎቹ ኖታዎች ግን ደህና ይመስላሉ። አንድ ኖታ ብቻ ከሌሎቹ ነጥሎ የሚጮህ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። 55ን ወደ 98 ለማድረስ 10 ሴሚቶን መሳብ ያስፈልጋል፤ እንዲህ የተሳበ ኪክ ባሕርዩ ይለወጣል። ሌላ ኪክ መፈለግ ይሻላል።

4. ሲንዙን ከታች ማውጣት

እዚህ ላይ ብዙ ቅንብር ይበላሻል። በግራ እጅ ጂ እና ቢ ታች አብረው ሲያዙ በ49 እና በ62 ኸርዝ መካከል ያለው የ13 ኸርዝ ልዩነት ድምፁን ሻካራና ጭቃማ ያደርገዋል። ኢኪው ይህን አያጠራውም፤ አያያዙ ነው መቀየር ያለበት። መነሻው ኖታ ቤዙ ጋር ስላለ ከሲንዙ ይውጣ፣ ኮርዱ ሁለት ኦክታቭ ከፍ ይበል፣ ሰብ ኦስሌተሩ ይጥፋ። ከዚያ በኋላ 150 ኸርዝ ላይ ሎው ካት ማድረግ ቀሪውን ያጸዳል።

5. ኪክና ቤዝን ለብቻቸው በሞኖ መስማት

በአንድ ምት ላይ አብረው ሲመቱ ሞገዳቸው ከተገጣጠመ ድምፁ ይጨምራል፤ እኩል ከሆኑ እስከ 6 ዴሲቤል ይደርሳል። ተቃራኒ ከሆኑ ግን ይበላላሉ። የኪኩን ፖላሪቲ መገልበጥና የሚወፍረውን መያዝ በቂ ነው። ማስተሩ ላይ ጫፉ ከ-6 ዴሲቤል እንዳያልፍ ፌደሮቹ ዝቅ ይበሉ። ሳይድቼይን የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቤዙን 2 ወይም 3 ዴሲቤል ዝቅ ካደረገ ይበቃል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ደረጃ 2 ወይም 3 ላይ የተመረጠው ልክ አልነበረም ማለት ነው።

6. ክፍሉን አለማመን

ርዝመቱ 3.5 ሜትር የሆነ ክፍል መሃሉ ላይ 49 ኸርዝን ይውጣል፤ የኛ ጂ ማለት ነው። መሃል የተቀመጠ ሰው ጂ ጎደለ ብሎ ከጨመረ ድንኳኑ ውስጥ ያብጣል። ወንበሩን ወደፊት ወይም ወደኋላ ግማሽ ሜትር አንቀሳቅሶ መስማት፣ ከዚያም በሄድፎን ማመሳከር ያስፈልጋል።

በመጨረሻ በስልክ ስፒከር ይሰማ። ስልክ 49 ኸርዝን አያወጣም፤ ቤዙ የሚታወቀው ከላይ ባሉት ሃርሞኒኮች ነው። የቤዙ መስመር ከጠፋ ፌደሩን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ትንሽ ሳቹሬሽን ይጨመርበት፤ ከ150 እስከ 300 ኸርዝ ያለው ድምፅ ሲወጣ የታችኛው ወለል ሳይነካ መስመሩ ይሰማል።