ዛፉ ሕንፃውን ሲሸፍንብኝ ያገኘሁት መላ

የአንድ ጂ+2 ቤት ምስል በብሌንደር የ3ዲ ሶፍትዌር እየሠራሁ ነበር። ባለቤቱ «ግቢው ቆየት ያለ ይምሰል» ስላለ ትልልቅ ዛፎች ፊት ለፊት አቆምኩ። በረንዳው ድራሹ ጠፋ!

ዛፎቹን ማሳነስ አያዋጣም፤ ግቢው ትናንት የተተከለ ይመስላል። ስለዚህ ዝግባዎቹን ወደ ጀርባ ወሰድኳቸው። ጫፋቸው ከጣሪያው በላይ ስለሚወጣ ነጩ የጣሪያ ጠርዝ ከጥቁር አረንጓዴው ላይ ጎልቶ ወጣ። ፊት ለፊት የቀረው አንድ ጃካራንዳ ነው፤ እሱም መስኮት በሌለው ጥግ በኩል፣ ቅርንጫፉ ከበሩ ከፍታ በላይ የሚጀምር።

ፊቱ ግን ባዶ ሆነብኝ። እዚህ ላይ ነው ዋናው መላ። ካሜራው ፊት አንድ ትልቅ ዛፍ አቁሜ፣ Object Properties ውስጥ Visibility ስር ካለው Ray Visibility ላይ Camera የሚለውን አጠፋሁት፤ እኔ የሠራሁት ሳይክልስ በሚባለው የብሌንደር ሬንደር ማድረጊያ ነው። ዛፉ አይታይም፣ የቅጠሉ ጥላ ግን ግድግዳው ላይ ያርፋል። መስታወቱ ላይ ነጸብራቁ ከቀረና ካስጠላችሁ Glossyንም አጥፉት።

የቁጥቋጦ አጥሩን ከመስኮቱ ደፍ በታች፣ 60 ሳንቲ ላይ ቆረጥኩት። ሣሩ ግድግዳውን እንዳይነካ ደግሞ በመሃል ቀጭን የጠጠር መስመር አስገባሁ፤ ካልሆነ ሕንፃው ሣሩ ውስጥ የሰመጠ ይመስላል።