ስልኩ 28 ፐርሰንት እያለው ለምን ይጠፋል?

አንድ የታክሲ ሹፌር ሦስት ዓመት የሠራበትን ስልክ ይዞ መጣ። 28 ፐርሰንት ያሳያል፤ ካሜራ ሲከፍት ወይም ስልክ ሲደወልለት ግን ድርግም ብሎ ይጠፋል። ጠዋት ጠዋት በብርዱ ይብስበታል። «ቦርዱ ነው ብለውኛል» አለኝ። እንዲህ ያለ ስልክ ሲገጥማችሁ ቦርድ ከማስነካታችሁ በፊት ባትሪውን ጠርጥሩ።

መጀመሪያ ይህን ሞክሩ

ስልኩ ልክ እንደጠፋ ቻርጀር ሰክታችሁ አስነሱት። ሲነሳ 1 ወይም 2 ፐርሰንት ካሳየ ባትሪው ቀድሞም ባዶ ነበር፤ የተሳሳተው ቆጣሪው ነው። አንድ ጊዜ እስኪጠፋ ተጠቅማችሁበት፣ ከዚያ ሳትነቅሉ እስከ 100 ስትሞሉት ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል። ይህን ግን ልማድ አታድርጉት፤ ባትሪን ደጋግሞ ማራገፍ ይጎዳዋል።

የሹፌሩ ስልክ ሲነሳ 26 አሳየ። ጉልበቱ ውስጡ አለ፣ ባትሪው ግን በፍጥነት ማውጣት አቅቶታል። የተለመደው ጉዳይ ይኼኛው ነው።

ምክንያቱ

የስልክ ባትሪ በአንድ ወገን ግራፋይት አለው፤ እንደተደራረበ እንጀራ ስስ ንጣፎች ያሉት ካርቦን ነው። በሌላው ወገን ብዙ ጊዜ ኮባልት ያለበት ኦክሳይድ አለ። ቻርጅ ስናደርግ ሊቲየም በመሃል ያለውን ፈሳሽ አቋርጦ በግራፋይቱ ንጣፎች መካከል ይገባል። እዚያ መቀመጥ ስለማይመቸው ሁልጊዜ ወደመጣበት መመለስ ይፈልጋል፤ የተጠራቀመው ጉልበት ይህ ነው። ስልኩን ስንጠቀም ሊቲየሙ በውስጥ ይመለሳል፣ ኤሌክትሮኖቹ ደግሞ በውጭ በስልኩ በኩል ዞረው ሥራ ይሠራሉ።

ፈሳሹ ግራፋይቱን ሲነካ መጀመሪያውኑ ስስ ቅርፊት ይፈጠራል። ቅርፊቱ ያስፈልጋል፤ ባይኖር ፈሳሹ እየተበላ ያልቅ ነበር። ችግሩ በዓመታት መወፈሩ ነው። ሲወፍር ሁለት ነገር ይሆናል። ሊቲየም ቅርፊቱ ውስጥ ተይዞ ይቀራል፤ የሚመላለሰው ስለሚቀንስ ባትሪው የሚይዘው ያንሳል። መንገዱም ይጠብና የውስጥ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ባትሪው ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚይዘው እንቅፋት፣ ይጨምራል። ባትሪው ቶሎ የሚያልቀው በመጀመሪያው፣ ድንገት የሚጠፋው በሁለተኛው ነው።

በቁጥር እንየው። 28 ፐርሰንት ላይ ባትሪው ያለ ሥራ 3.7 ቮልት ገደማ አለው እንበል፤ ካሜራው ለቅጽበት 2 አምፔር ይስባል፤ ስልኩ ደግሞ ከ3.2 ቮልት ሲወርድ ራሱን ያጠፋል። የሚወርደው ቮልት አምፔሩ በኦሙ ሲባዛ ነው፤ አዲሱ ባትሪ 0.1 ኦም ሬዚስታንስ ካለው የሚወርደው 0.2 ቮልት ብቻ ስለሆነ 3.5 ላይ ይቆያል። ያረጀው 0.3 ኦም ከደረሰ 0.6 ይወርድና 3.1 ይሆናል፤ ስልኩ ጠፋ። ብርድ ሬዚስታንሱን ስለሚጨምር ጠዋት ላይ መባሱ ከዚህ የመጣ ነው።

ቅርፊቱን በፍጥነት የሚያወፍሩት ሙቀትና ሞልቶ መቆየት ናቸው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ይብሳል። የሹፌሩ ስልክ ቀኑን ሙሉ መስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ ተሰክቶ፣ ካርታ ከፍቶ፣ 100 ላይ ይውል ነበር። ስልኩ ሲነካ እጅ ያቃጥል ነበር አለኝ።

መፍትሄው

የወፈረ ቅርፊት በምንም አፕሊኬሽን አይመለስም፤ ባትሪው መለወጥ አለበት። አይፎን ላይ ከ`Settings` ወደ `Battery` ገብታችሁ በባትሪ ጤና ክፍሉ ውስጥ `Maximum Capacity` የሚለውን እዩ፤ ከ80 በታች ከሆነ ለመለወጥ አታመንቱ። ቁጥሩ ከ80 በላይ ሆኖም ስልኩ ድንገት የሚጠፋ ከሆነ፣ እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ያንን ምልክት አምናለሁ። ስትገዙ መጠኑ ከድሮው ጋር እኩል ሆኖ ላዩ ላይ እጅግ የበለጠ ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበትን ባትሪ ተውት፤ እዚያው ቦታ ላይ ያን ያህል አይገባም።

ሹፌሩ ባትሪውን ቀየረ። የስልክ ማስቀመጫውን ከመስታወቱ አንስቶ ቀዝቃዛ አየር ወደሚወጣበት ቀዳዳ አዛወረው፣ ቻርጁንም 80 ላይ እንዲቆም አስተካከልንለት። የእናንተም ስልክ ይህ ምርጫ ካለው፣ ተሰክቶ ለሚውል ስልክ ከምንም በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው። ማታ ተሰክቶ ማደሩ ብቻውን ያን ያህል አያስፈራም፤ ትራስ ሥር ሆኖ መሞቁ ግን ይጎዳዋል።

ስክሪኑ በጠርዝ በኩል ከተነሳ ወይም ጀርባው ካበጠ ከላይ ያለውን ፈተና አትሞክሩ። ፈሳሹ ፈርሶ ጋዝ ሆኗል ማለት ነው። አጥፉት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ ተጭናችሁ ለመመለስ አትሞክሩ፤ ከሚቀጣጠል ነገር አርቃችሁ እንዳለ ለጠጋኝ ውሰዱት።