የዕጣ ማስታወቂያ መድረክ ላይ ስታነቡ እነዚህን አትዝለሉ

ዕጣ ሊወጣ ሲል ሰው ጆሮውን የሚሰጠው ለሽልማቶቹ ነው። ማስታወቂያውን በማይክ የሚያነበውም ይህን ስለሚያውቅ ደንቡን በጥድፊያ ያልፈዋል። ጭቅጭቁ ደግሞ የሚነሳው ከተዘለለው ቦታ ነው።

ከሁሉም የሚያበሽቀኝ፣ ባለቤቱ ስላልቀረበ ቁጥር ምንም አለማለት ነው። አንድ ዝግጅት ላይ 214 ወጣ። ተጠራ፣ ማንም የለም። መድረክ ላይ ያሉት ተንሾካሾኩና ሌላ ቲኬት አወጡ፤ 87። ባለ 87 ቴሌቪዥኑን ተቀብሎ ፎቶ ሲነሳ፣ ባለ 214 ልጇን ሽንት ቤት አድርሳ ተመለሰች። ማን ይፍረድ? ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ የሚወጣ ደንብ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን ለአንዱ ማድላት ይመስላል። ቀድሞ ይህን ማንበብ ይበቃ ነበር፦ «የወጣው ቁጥር ሦስት ጊዜ ይጠራል። ከመጀመሪያው ጥሪ ጀምሮ በ3 ደቂቃ ውስጥ ቲኬቱን ይዞ ያልቀረበ ዕድሉ ያልፈዋል፣ በምትኩ ሌላ ይወጣል።» ታዲያ ይህ ቲኬቱ ሲሸጥም የተነገረ መሆን አለበት። «ባትመጡም ችግር የለም» እየተባለ የተሸጠን ቲኬት በዕለቱ በማይክ መሻር አይቻልም። እንዲያ ከተሸጠ፣ ሽልማቱ እስከ መቼ እንደሚቆይና ከማን እንደሚወሰድ ይነበብ።

ታዛቢዎችን ስም ጠርቶ ማስጨብጨብም ብቻውን ፋይዳ የለውም። ምን እንዳዩ ይናገሩ። 500 ቲኬት ታትሞ 62ቱ ካልተሸጡ፣ ሳጥኑ ውስጥ መግባት ያለበት 438 ቁራጭ ነው። ታዛቢዎቹ መጀመሪያ ባዶውን ሳጥን ለሰው ያሳዩ፣ ቁራጮቹን ይቁጠሩ፣ ያልተሸጡትን ለብቻ ያሽጉ፤ ሦስቱም ቁጥሮች ጮክ ተብለው ይነበቡ። ራሳቸው ቲኬት የገዙ ከሆነ ግን ታዛቢ አይሁኑ።

«በደንብ ተቀላቅሏል» ብላችሁም አትለፉ፤ ሰው እያየ ቀላቅሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1969 አሜሪካ ለውትድርና የሚጠሩትን በልደት ቀን ዕጣ ስታወጣ፣ ቀኖቹ የገቡት በየወሩ ተራ ነበር፤ በቅጡም አልተቀላቀሉም። በዓመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱት አብዝተው ቀድመው ወጡ። የእናንተም ቁራጮች ከደብተሩ ሲገነጠሉ በተራ ቁጥር ተደራርበው ነው የሚገቡት። ሳጥኑን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት፣ ቦታ ከሌለው ብትነቀንቁትም ወረቀቱ አይገላበጥም። እጥፋቱም አንድ ዓይነት ይሁን፤ ወፍራሙን እጅ ቶሎ ያገኘዋል።

አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ማሸነፍ ይችል እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ።

ደግሞ እባካችሁ፣ 6 እና 9 ከሥራቸው ይሰመርባቸው። 68ን ገልብጦ የያዘ ሰው 89 ብሎ ነው የሚያነበው።