«ላክልኝ!» የሚል ኢሜይል አዲስ አበባ ሲደርስ

ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ሴት አዲስ አበባ አያት ሰፈር ኮንዶሚኒየም አላት። ቤቱ ተከራይቷል። የውሉን ነገር የሚከታተልላት አዲስ አበባ ያለ ጠበቃ ነው። ጠበቃው በዕድሜ ይበልጣታል፤ በአካል ተያይተው አያውቁም። አንድ ቀን በሥራ መሃል እንዲህ ብላ ጻፈችለት፦

«ሰላም እገሌ! የኪራይ ውሉን ስካን አድርገህ እስከ አርብ ላክልኝ! የግብር ደረሰኙንም እንዳትረሳ! አመሰግናለሁ!!»

መልሱ በማግስቱ መጣ፦

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ እገሊት። በትዕዛዝዎ መሠረት ውሉ ተያይዟል። ደረሰኙን በተመለከተ ወኪልዎን ይጠይቁ።»

ሴትዮዋ ግራ ገባት። ደረሰኙ እሱ ቢሮ እንዳለ ታውቃለች። ለምን ወደ ወኪሏ ገፋት? እሷ እኮ ፈገግ ብላ ነው የጻፈችው።

ችግሩ እዚሁ ላይ ነው። አሜሪካ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቃለ አጋኖ ፈገግታ ነው። «ታንክስ» ብለህ በነጥብ ከዘጋኸው የተቆጣህ ይመስላል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ቃለ አጋኖውን ይበትነዋል። በአማርኛ ግን ትምህርት ቤት የተማርነው ሌላ ነው። ቃለ አጋኖ ለደስታም፣ ለድንጋጤም፣ ለቁጣም፣ ለትዕዛዝም ይውላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው አጠገቡ ያለው ግስ ነው። «እንኳን አደረሰዎ!» ሲባል ደስታ ነው። «እዚህ መሽናት ክልክል ነው!» ሲባል የአጥር ጽሑፍ ነው። «ላክልኝ!» ደግሞ ከአጥሩ ጽሑፍ ጋር ይመደባል እንጂ ከበዓሉ መልእክት ጋር አይደለም።

የጠበቃውን መልስ ደግማችሁ እዩት። ስድብ የለበትም። ግን «በትዕዛዝዎ መሠረት» ይላል። እሷ ያዘዘችው ነገር የለም፤ የጠየቀችው ነው። እሱ ግን ትዕዛዝ ሆኖ እንደደረሰው በጨዋ ደንብ እየነገራት ነው። ሁለተኛው ምልክት የቀረው ነገር ነው፤ «እንዴት ሰነበቱ» የለም፣ «ከሰላምታ ጋር» የለም። ሦስተኛው ደግሞ ሊያደርግ የሚችለውን ሥራ ወደ ሌላ ሰው ማሻገሩ ነው። አገር ቤት ያለ ሰው በጽሑፍ ተቀየምኩ አይልም። በደንብ ይጽፍልሃል፤ ሥራው ግን ይዘገያል።

ታዲያ አማርኛ ትህትናውን የት ነው የሚያስቀምጠው? ግሱ ላይ ነው። «ላክልኝ» ለታናሽ ወንድም ወይም ለአብሮ አደግ ነው። «ይላኩልኝ» አክብሮት አለው፤ ግን አሁንም ትእዛዝ አንቀጽ ነው። በአካል ፊት ለፊት ሲባል ድምፁ ያለሰልሰዋል፤ በኢሜይል ብቻውን ሲቆም ይደርቃል። «እንዲልኩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ» ለቢሮ፣ ለባንክ፣ ለጠበቃ፣ ለወረዳ የሚሆነው ነው። «ይልኩልኝ ይሆን?» ደግሞ ትንሽ ለተቀራረባችሁት ትልቅ ሰው። ከእነዚህ አንዱን በትክክል ከመረጣችሁ ቃለ አጋኖ ጨርሶ አያስፈልግም።

ሴትዮዋ በኋላ የጻፈችው ይኸኛው ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ፣ እንዴት ሰነበቱ? ውሉ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። የግብር ደረሰኙ እርስዎ ዘንድ ካለ እስከ አርብ ድረስ ቅጂውን እንዲልኩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሰኞ ለሂሳብ ባለሙያዬ ስለማስረክብ ነው። አርብ ካልተመቸዎት መቼ እንደሚሆን ቢያሳውቁኝ ይበቃኛል። ከሰላምታ ጋር»

ቀነ ገደቡ አልተነሳም፤ አርብ አሁንም አርብ ነው። የተጨመረው ምክንያቱ ነው። ያለ ምክንያት የተሰጠ ቀን ቁጥጥር ይመስላል። «ሰኞ ስለማስረክብ» ሲባል ግን ሰውየው የራሷ ጣጣ እንዳለባት ያያል። ደረሰኙ ሐሙስ ደረሳት።

ይህን ስል ግን አክብሮቱን በጅምላ አውጡት ማለቴ አይደለም። ይኸኛው ወጥመድ ይብሳል። ዕድሜ ልካችሁን «አንተ» ስትሉት ለኖራችሁት ያክስት ልጅ በድንገት «እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ» ብትሉት ስልክ አንስቶ «ምን አጠፋሁ?» ይላችኋል። ወይም አይደውልም፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው። ለቅርብ ሰው አንቱታ ኩርፊያ ነው፤ ሲከፋም አሽሙር ነው። ብዙ ጊዜ የሚከሰተው የድሮውን የቢሮ ደብዳቤ ገልብጠን ስሙን ብቻ ስንቀይር ነው። በተቃራኒውም ልብ በሉ፤ ሁልጊዜ «አንቺ» ይላችሁ የነበረ ወኪል ድንገት «እርስዎ» ካለ ከዚያ በፊት የላካችሁትን ኢሜይል መልሳችሁ አንብቡት።

ስለ ትልልቅ ፊደል ደግሞ። ከአዲስ አበባ ቢሮ የሚመጣ የእንግሊዝኛ ኢሜይል አንዳንዴ ርዕሱም ውስጡም በካፒታል ይሞላል። ዋናው ውክልና ካልመጣ ፋይሉ አይከፈትም የሚለው ዓረፍተ ነገር ከዳር እስከ ዳር በካፒታል ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቦስተን ላለ አንባቢ ይህ ጩኸት ነው። የኢንተርኔት የሥነ ምግባር መመሪያ ተብሎ በ1995 የወጣው RFC 1855 የሚባል ሰነድ ራሱ በትልልቅ ፊደል መጻፍ መጮህ እንደሚመስል ይናገራል። ላኪው ግን እየጮኸ አይደለም። በግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለም፤ ጩኸቱም አብሮ አልተማረም። ለሱ ካፒታል ማለት ከሥሩ መስመር እንደማስመር ነው፤ ቅጽ ላይ «ስምዎን በትልልቅ ፊደል ይሙሉ» እንደሚባለው ነው። ቴል አቪቭና ዱባይ ያላችሁ ይህን ቶሎ ትረዱታላችሁ፤ ዕብራይስጡም ዐረብኛውም ካፒታል የላቸውም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ኢሜይል ሲመጣ ቁጣውን ፊደሉ ላይ አትፈልጉት። ይልቅ በካፒታል የተጻፈችውን መስመር ለብቻዋ አውጥታችሁ ያዟት። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩን ያቆመው ነገር እዚያች መስመር ውስጥ ነው ያለው። እኔ የቢሮ ኢሜይል ሲመጣልኝ ካፒታሉን ነው መጀመሪያ የማነበው። መልሳችሁ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ግን እናንተ በካፒታል አትመልሱ። ኢሜይሉ ውጭ ተምሮ የተመለሰ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል፤ እሱ ጩኸቱን ያውቀዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ዘመድ ካላችሁ ቃሉ መሃል ላይ ካፒታል ጣል ጣል ሲያደርግ ታያላችሁ። ብዙ ሰው ትንሿን ቲ ለ«ተ»፣ ትልቋን ለ«ጠ» ይጠቀማል። ትንሿ ሲ ኤች ለ«ቸ» ሆና ትልቋ ለ«ጨ» ትሆናለች። ውጭ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ይህን አያውቁም፤ አያታቸው በየቃሉ የሚቆጡ ይመስላቸዋል። ንገሯቸው።

አሁን ወደ ስላቅ። የኛ ሰው በአሽሙር አይታማም። ነገር ግን አሽሙር የሚሠራው በድምፅና በፊት ነው። በ2005 ጀስቲን ክሩገር፣ ኒኮላስ ኤፕሊና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ለክቶታል። ሰዎች በኢሜይል የጻፉት ቀልድ ይሁን የምር ተቀባዩ እንደሚለየው በጣም እርግጠኞች ነበሩ። ተቀባዮቹ የለዩት ግን ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም በማይሻል መጠን ነው። እነዚያ ደግሞ በአንድ ቋንቋ የሚጻጻፉ ሰዎች ናቸው።

ነገሩ የሚገርመው አማርኛ ለዚህ ምልክት ነበረው። ትእምርተ ሥላቅ ይባላል፤ የተገለበጠ ቃለ አጋኖ ነው፣ እንዲህ ¡። በካርቱንና በግጥም ላይ ታይቷል። ስልካችሁ ላይ ቃለ አጋኖውን ተጭናችሁ ብትይዙት ብዙ ጊዜ ይወጣል። ግን ለቢሮ ኢሜይል አልመክርም። ግማሹ አንባቢ አያውቀውም፤ የሚያውቀው ደግሞ መሰደቡን በማስረጃ ያረጋግጣል።

ከሁሉ የከፋው ገንዘብ ላይ የሚጻፍ ስላቅ ነው። ወንድማችሁ ቤት እያሠራላችሁ ነው እንበል። የሲሚንቶ ወጪ ከገመታችሁት በላይ መጣ። «አይ አንተማ ታውቅበታለህ፣ በርታ!» ብላችሁ ጻፋችሁ። ያሰባችሁት ስለ ገበያው ማማረር ነው። እሱ የሚያነበው ግን «በላህ» የሚል ነው። ያንን ኢሜይል ለእናታችሁ ያነብላቸዋል፤ ነገሩ ሽምግልና ከደረሰም ታትሞ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ጥያቄ ካላችሁ በደረቁ ጠይቁ፦ «ባለፈው ወር ስንት ኩንታል ተገዛ? በስንት ብር? ደረሰኙን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።» ደረቅ ቁጥር አያስቀይምም። በሙገሳ የተጠቀለለ ቁጥር ግን ያስቀይማል።

በሌላ በኩል ከአገር ቤት የሚመጣ ከባድ ሙገሳ ሁሉ ስላቅ አይደለም። «ለሚያደርጉልን ቀና ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» የቢሮ ደብዳቤ መዝጊያ ነው። በእንግሊዝኛ ጆሮ ግን እምቢ እንዳትል አስቀድሞ እጅህን መያዝ ይመስላል። አንድ ወር ዘግይታችሁ የላካችሁት ክፍያ ላይ ቢጻፍም አትጠርጥሩት፤ በየደብዳቤው ሥር ያለ ነው።

የተላከው ከተላከ በኋላ ነገሩ መበላሸቱ ከታወቃችሁ በኢሜይል አታብራሩ። «እንደዛ ማለቴ አልነበረም» የሚል ኢሜይል ሁለተኛ ማስረጃ ይሆናል። ደውሉ። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በአሜሪካ በጋ ሰባት ሰዓት፣ በአሜሪካ ክረምት ስምንት ሰዓት ትቀድማለች፤ ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ብትደውሉ እዚያ ቢሮ ገና አልተዘጋም። ሰውየው ትልቅ ከሆነና ካላነሳ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ተዉለት። ስለ ኢሜይሉ አታንሱ፤ ስለ ቤተሰቡ ጠይቁ፣ ስለ ጤናው ጠይቁ፣ ከዚያ «ያንን ወረቀት ነገር እንዴት እናድርገው?» በሉ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የተስማማችሁበትን በሁለት መስመር ኢሜይል ላኩ፤ ሰነዱ ምን እንደሆነና ቀኑ ብቻ፣ በአራት ነጥብ የተዘጋ።